የተቀዳ ድምፅና የሕፃናት ጎጆ፦ ሃዋይኛ ሲያንሰራራ የተገኘውና የጎደለው

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሃዋይኛ ቋንቋ ከመጥፋት አፋፍ የተመለሰበትን ሂደት በሦስት መሣሪያዎች በኩል ይመረምራል። እነርሱም ከአረጋውያን አንደበት የተቀዳው የድምፅ ክምችት፣ በቋንቋው ብቻ የሚሠራው መዋዕለ ሕፃናትና ለልጆቹ የተዘጋጁት የመማሪያ ጽሑፎች ናቸው። የጽሑፉ ዋና ጥያቄ የተቀዳ ድምፅ ለሕፃናት ትምህርት ምን ሊሰጥና ምን ሊሰጥ እንደማይችል ነው። ቅጂው የቋንቋውን ድምፀትና ሰዋስው ቢያቆይም፣ አዋቂ ከሕፃን ጋር የሚነጋገርበትን የዕለት ንግግር ግን በበቂ አላቆየም። ክፍተቱ ዛሬ በትምህርት ቤት ባደጉ ተናጋሪዎች ቋንቋ ላይ ይታያል የሚለው የጽሑፉ መከራከሪያ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ መቋረጥ

ሃዋይኛ ጽሑፍ ያልነበረው ቋንቋ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት፣ የፍርድ ቤት፣ የትምህርትና የጋዜጣ ቋንቋ ነበር። ከ1834 እስከ 1948 ድረስ በቋንቋው የታተሙት ጋዜጦች ከ100,000 ገጽ በላይ ይሆናሉ። የሃዋይ ንጉሣዊ መንግሥት በ1893 ከተገለበጠ በኋላ ግን በ1896 የወጣው ሕግ በመንግሥትም ሆነ በግል ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ሕጉ በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ በቀጥታ አልከለከለም፤ መከልከልም አላስፈለገውም። በትምህርት ቤት በቋንቋቸው በመናገራቸው የተቀጡ ልጆች አድገው ወላጅ ሲሆኑ፣ የራሳቸውን ልጆች ከዚያ ቅጣት ለማዳን እንግሊዝኛን መረጡ። እርስ በርሳቸው ሃዋይኛ እየተነጋገሩ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ያሳደጉ ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ።

የዚህ ውጤት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግልጽ ሆኖ ታየ። ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ሰዎች በአብዛኛው አያቶችና ቅድመ አያቶች ነበሩ። በግል ይዞታ ሥር በምትገኘውና ከውጭ ሰው ተለይታ በኖረችው በትንሿ ኒኢሃው ደሴት ብቻ ቋንቋው ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፉን ቀጥሎ ነበር። በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱን ያቋቋመው ድርጅት እንደሚገምተው፣ በዚያን ጊዜ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች 50 አይሞሉም ነበር። ይህ ሁኔታ ለቋንቋ ማንሰራራት ሥራ ልዩ ችግር ይፈጥራል። ቋንቋውን የሚያውቁት ሕፃን የማሳደጊያ ዕድሜ አልፏቸዋል፤ ሕፃን የሚያሳድጉት ደግሞ ቋንቋውን አያውቁም። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ሦስቱ መሣሪያዎች ይህን የመካከለኛ ትውልድ ክፍተት ለማለፍ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ቅጂው ያቆየው

ቀድሞ የመጣው መሣሪያ ቅጂው ነው። የሃዋይኛ ሊቅ የነበሩት ሜሪ ካዌና ፑኩዊ በሆኖሉሉ ለሚገኘው የቢሾፕ ሙዚየም የአረጋውያንን ንግግር ሲቀዱ ቆይተዋል፤ ከሳሙኤል ኤልበርት ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላትም በ1957 ታትሟል። በ1972 ደግሞ ላሪ ኪሙራ «ካ ሌዎ ሃዋይኢ»፣ ማለትም «የሃዋይ ድምፅ»፣ የተባለውን ሳምንታዊ የሬዲዮ ዝግጅት ጀመሩ። አዘጋጁ አፍ መፍቻቸው ሃዋይኛ የሆኑ አረጋውያንን እየጋበዙ ስለ ትውልድ ቀያቸው፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ዘመዶቻቸውና ስለ ልጅነታቸው በቋንቋው ያነጋግሯቸው ነበር፤ አድማጮችም በስልክ ይገቡ ነበር። እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የቀጠለው ይህ ዝግጅት ከ400 በላይ ቅጂዎችን ትቷል። ዛሬ ቅጂዎቹ በሂሎ የሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው «ካኒአይና» በተባለ ዲጂታል የድምፅ ክምችት ይገኛሉ።

ከ100,000 ገጽ በላይ ጽሑፍ ላለው ቋንቋ ቅጂ ለምን አስፈለገው? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በአጻጻፉ ውስጥ ነው። በሃዋይኛ በጉሮሮ የሚቆረጠው ድምፅ ራሱን የቻለ ተነባቢ ነው፤ የአናባቢ መርዘምና ማጠርም ፍቺ ይለውጣል። የጥንቶቹ ጋዜጦች ግን ሁለቱንም በአብዛኛው አይጽፏቸውም ነበር፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ከአገባቡ ይረዳቸዋልና። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል ነው። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ ልዩነቱን የሚያውቀው ቋንቋውን በጆሮው የተማረ ሰው ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ አልፎ መጻሕፍቱ ብቻ ቢቀሩ፣ የሚቀጥለው አንባቢ የትኛው ቃል እንደሚጠብቅ በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም።

በሃዋይኛ የገጠመው አደጋ ይኸው ነበር። «ኮው» ማለት «ያንተ» ሲሆን፣ በመካከሉ ጉሮሮ ተቆርጦ «ኮ-ኡ» ሲባል «የእኔ» ይሆናል። በአሮጌው አጻጻፍ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጻፉ ነበር። የራስን ከሌላው ሰው የሚለየው ድምፅ በገጹ ላይ የለም፤ በአረጋዊው አንደበትና በቅጂው ላይ ግን አለ። ስለዚህ ቅጂው ለጋዜጦቹ እንደ ማንበቢያ ቁልፍ አገልግሏል ማለት ይቻላል። መዝገበ ቃላቱ የነጠላ ቃላትን ድምፅ ሲያስረዳ፣ ቅጂው ደግሞ ቃላቱ በንግግር ፍሰት ውስጥ እንዴት እንደሚያጥሩ፣ እንደሚያያዙና ድምፁ የት ከፍና ዝቅ እንደሚል ያሳያል።

የሬዲዮው ዝግጅት ሌላም ጥቅም ነበረው። በ1970ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ሃዋይኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማሩ ወጣቶች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የሚሰሙት ሕያው ንግግር አገኙ። ኪሙራም በኋላ መዋዕለ ሕፃናቱን ከመሠረቱት መምህራን አንዱ ሆኑ። እንዲህ ሲታይ ቅጂው አስቀድሞ ያስተማረው ሕፃናትን ሳይሆን የሕፃናቱን መምህራን ነው።

ጎጆው

ሁለተኛው መሣሪያ የመጣው ከኒውዚላንድ በተገኘ ሐሳብ ነው። በ1982 ማኦሪዎች «ኮሃንጋ ሬዎ» የተባሉ፣ ትርጓሜያቸው «የቋንቋ ጎጆ» የሆነ መዋዕለ ሕፃናትን ማቋቋም ጀምረው ነበር። በ1983 ጥቂት የሃዋይኛ መምህራን «አሃ ፑናና ሌዎ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ «ፑናና ሌዎ»ም እንዲሁ የቋንቋ ጎጆ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጎጆ በ1984 በካዋይ ደሴት በኬካሃ ተከፈተ። ቦታው ትርጉም ነበረው፤ ከኒኢሃው የመጡ፣ ቋንቋውን ገና በቤታቸው የሚናገሩ ቤተሰቦች የሚኖሩት በዚያ አካባቢ ነውና። በሚቀጥለው ዓመት በሂሎና በሆኖሉሉ ሌሎች ተከተሉ።

የጎጆው ደንብ አንድ ነው፦ በግቢው ውስጥ የሚነገረው ሃዋይኛ ብቻ ነው። ቋንቋው በተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ልጁ ሲገባ የሚቀበሉት፣ እጁን የሚያስታጥቡት፣ የሚያበሉት፣ የሚያስተኙትና ሲያጠፋ የሚገሥጹት በዚያው ቋንቋ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ አሳዳጊዋ ጥያቄውን ትረዳለች፤ መልሱን ግን በሃዋይኛ ትሰጠዋለች፤ እርሱ ራሱ ሊል የሚገባውንም አስከትላ ትልለታለች። ትርጉም አይሰጥም። ልጁ ትርጉሙን የሚያገኘው ከድርጊቱ፣ ከዕቃውና በየቀኑ ከሚደጋገመው ሥርዓት ነው። በዚህ አሠራር ከባዱ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ሁሉም ልጆች አዲስ ስለሆኑ ቋንቋውን የሚናገሩት አሳዳጊዎቹ ብቻ ናቸውና። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሕፃን ግን ቀድመው የገቡ ልጆችን ያገኛል፤ ከአዋቂ ይልቅ እነርሱን እየተከተለ ይማራል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች በአንድ ላይ ማቆየት የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወላጆችም ከሥራው ውጪ አልነበሩም። የወር ክፍያ ከመክፈል በተጨማሪ በየወሩ የተወሰነ ሰዓት በጎጆው እንዲሠሩና ቋንቋውን እንዲማሩ ግዴታ ተጥሎባቸው ነበር። ልጁ ማታ የሚመለሰው እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት ቤት በመሆኑ፣ ወላጁ ቢያንስ የልጁን ንግግር መረዳትና መመለስ ካልቻለ ጎጆው ያስያዘውን ቤቱ ያስለቅቀዋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ከትምህርት ሳይሆን ከፈቃድ አሰጣጥ መጣ። መዋዕለ ሕፃናትን የሚቆጣጠረው ደንብ ሠራተኞች በሕፃናት አስተዳደግ የኮሌጅ ትምህርት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ቋንቋውን አፍ የፈቱበት አረጋውያን ግን ይህ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ወረቀቱ የነበራቸውም ቋንቋውን አያውቁም። መሥራቾቹና ወላጆቹ የግዛቲቱን ምክር ቤት ደጋግመው ጠይቀው፣ በ1986 ሁለት ለውጦች ተገኙ። አንደኛው የሃዋይኛ መዋዕለ ሕፃናትን ከዚያ መስፈርት ነፃ አወጣ፤ ሌላው ደግሞ በ1896 በሕግ የተዘጋውን በሃዋይኛ የማስተማር መንገድ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከፈተ። በ1987 በኬአውካሃና በዋያው የመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ተጀመሩ። ከመጀመሪያ ክፍል አንሥቶ በሃዋይኛ የተማሩ ተማሪዎች በ1999 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ።

በቅጂው ውስጥ ያልነበረው

የጎጆው ሥራ ሲጀመር በቅጂውና በጎጆው መካከል ያለው አለመጣጣም ሊገለጥ ግድ ነበር። በሬዲዮው ቅጂ የሚናገረው አረጋዊ ለሌላ አዋቂ ይናገራል። ንግግሩ ትረካ ነው፤ ጊዜው በአብዛኛው ያለፈ ነው፤ ጉዳዩ ቀዬ፣ ትውልድና ሙያ ነው። የጎጆ አሳዳጊ የምትፈልገው ደግሞ ሌላ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ መጫወቻ ሲጣሉ ምን ይባላል? እንቅልፍ የእምቢታ ለቅሶ ያስለቀሰው ሕፃን በምን ቃል ይባበላል? «ተራህን ጠብቅ»፣ «አፍንጫህን ጥረግ»፣ «ከዚያ ውረድ፤ ትወድቃለህ» የሚሉት በወግ እንዴት ይነገራሉ? እናት ልጇን በቁልምጫ ስትጠራ፣ አያት በቀልድ ስታስፈራራ፣ ታላቅ ታናሹን ሲቆጣ የሚሰሙት አነጋገሮች በቃለ መጠይቅ ውስጥ በአጋጣሚ ካልሆነ አይገቡም። ማንም እነዚህን ለመቅዳት አላሰበም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቀኑ ሲናገራቸው ሊመዘገቡ የሚገባቸው አይመስሉምና።

ይህን ክፍተት በመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች የሞሉት አረጋውያኑ ራሳቸው ናቸው። በአካል ተገኝተው ልጆቹን ሲያሳድጉ የጎደለው ንግግር አብሯቸው መጣ። ነገር ግን ቁጥራቸው ጥቂት፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ነበር። ጎጆዎቹ እየበዙ ሲሄዱ አብዛኞቹ አሳዳጊዎችና መምህራን ቋንቋውን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ወጣቶች ሆኑ። እነዚህ ወጣቶች በመጽሐፍ ያላገኙትን አባባል ሲፈልጉ፣ በአእምሯቸው ቀድሞ የሚመጣው የእንግሊዝኛው አባባል ነው። ቃሉ ሃዋይኛ፣ አካሄዱ ግን እንግሊዝኛ የሆነ ዓረፍተ ነገር የሚወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ልጁም የሚሰማው ይህን ስለሆነ፣ ለእርሱ ትክክለኛው ሃዋይኛ ይኸው ይሆናል።

አንድ ምሳሌ፦ የአገናዛቢ ምርጫ

ችግሩን በዝርዝር ለማየት የሃዋይኛ አገናዛቢዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አማርኛ «የእኔ»፣ እንግሊዝኛም አንድ ቃል ሲጠቀሙ፣ ሃዋይኛ በሁለት ይከፍለዋል። ሰው በራሱ ፈቃድ ያገኘውን፣ የሠራውን ወይም የሚያዝዝበትን ነገር «ካ-ኡ» ይለዋል። አብሮት የተወለደውን፣ የወረሰውን፣ የሚገባበትን፣ የሚቀመጥበትን ወይም የሚለብሰውን ደግሞ «ኮ-ኡ» ይለዋል። ስለዚህ «ልጄ» በ«ካ-ኡ»፣ «እናቴ» ግን በ«ኮ-ኡ» ይነገራል፤ ልጅን ሰው ይወልዳል፣ እናትን ግን አይመርጥም። «መጽሐፌ» እና «ምግቤ» በ«ካ-ኡ»፣ «እጄ»፣ «ቤቴ» እና «ጫማዬ» በ«ኮ-ኡ» ይሆናሉ። ልዩነቱ ለአንድ ቃል ሁለት ፍቺም ይሰጣል። በአንደኛው አገናዛቢ «የፑዋ ሥዕል» ሲባል ፑዋ የሣለችው ሥዕል ነው፤ በሌላው ሲባል ደግሞ የራሷ የፑዋ መልክ የተሣለበት ነው።

አፍ የፈታበት ተናጋሪ ይህን ደንብ አይቆጥርም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያንዳንዱን ስም ከአገናዛቢው ጋር ሰምቶታል። በሁለተኛ ቋንቋ የተማረው መምህር ግን ደንቡን በሠንጠረዥ ያውቀዋል። ቀስ ብሎ ሲናገር ይጠብቀዋል፤ ልጆች ከበውት ሲጮኹ ግን ከሁለቱ ለአንዱ ሊያደላ ይችላል። መምህሩ ሲያደላ ልጁ ልዩነቱን የሚይዝበት ማስረጃ ያጣል።

ቅጂው በትክክል የሚያገለግለው በዚህ ቦታ ነው። ከአረጋውያን ንግግር አገናዛቢ ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ተለይተው ሲወጡ፣ መምህሩ የትኛው ስም በምን እንደሚነገር ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዡ የማይነግረውን መወላወልም ያያል። ከዚያም ዓረፍተ ነገሮቹ ወደ ጎጆው የዕለት ሥራ ይመለሳሉ፦ ልብስ በሚለበስበት ሰዓት «ኮ-ኡ»፣ በምግብ ሰዓት «ካ-ኡ» በተፈጥሯዊ ቦታቸው ይደጋገማሉ። ደንቡ በቃል አይነገርም። ትምህርቱ መያዙን ለማወቅ ለልጁ የራሱን ጫማ፣ ዳቦ፣ መጽሐፍና የእናቱን ፎቶግራፍ እያሳዩ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለአራቱም አንድ አገናዛቢ የሚጠቀም ልጅ ቃላቱን ይዞ ሥርዓቱን አልያዘም። አራቱን በትክክል ለይቶ ከዚያ በፊት በማያውቀው ዕቃ ላይ የሚሳሳት ልጅ ደግሞ ቃል በቃል ሸምድዷል። አዲሱንም ዕቃ በትክክል የሚመድበው ልጅ ሥርዓቱ የራሱ ሆኗል።

መጻሕፍትና አዲስ ቃላት

ሦስተኛው መሣሪያ ከሌሎቹ ዘግይቶ ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሲከፈቱ በሃዋይኛ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ወላጆችና መምህራን ማታ ማታ ተሰብስበው የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍትን ተረጎሙ፤ የሃዋይኛውን ጽሑፍ በወረቀት እየቆረጡ በእንግሊዝኛው ላይ ለጠፉት። ይህ ዘዴ ለመማሪያ ክፍሉ የሚነበብ ነገር በፍጥነት አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የተለጠፈው ጽሑፍ ርዝመት በሥዕሉና በቦታው የተወሰነ ነበር፤ የታሪኩም አካሄድ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ነው። በ1989 በሂሎ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው «ሃሌ ኩአሞኦ» የተባለው ማዕከል የመማሪያ ጽሑፎችን በመደበኛነት ማዘጋጀት ጀመረ።

ንባብን በሚመለከት ጎጆዎቹ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ራሳቸው ታሪክ ተመለከቱ። «ሃካላማ» የተባለው የጥንት የማስተማሪያ ዘዴ ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ በክፍለ ቃል ያስቆጥራል፦ «ሃ፣ ካ፣ ላ፣ ማ፣ ና፣ ፓ፣ ዋ፣ አ» ብሎ ይጀምርና በሌሎቹ አናባቢዎች እያዞረ ይቀጥላል። ልጆቹ ገበታውን እየጠቆሙ በዜማ ይሉታል። በየኔታ ፊት «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ፊደል የቆጠረ ሰው ዘዴውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሃዋይኛ ክፍለ ቃል በአናባቢ የሚዘጋና ተነባቢዎቹም ጥቂት በመሆናቸው፣ ገበታው ለቋንቋው በልኩ የተሰፋ ነው። በገበታው ውስጥ የጉሮሮው ድምፅ እንደ ሙሉ ተነባቢ የራሱን ቦታ ስለሚያገኝ፣ ልጁ አሮጌዎቹ ጋዜጦች የተዉትን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ይለማመደዋል።

ለሳይንስና ለዘመናዊ ዕቃዎች ቃል ማውጣት ሌላው ሥራ ነበር። በ1987 የተቋቋመው የቃላት ኮሚቴ የሠራቸው ቃላት «ማማካ ካያኦ» በተባለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ታትመዋል። ለምሳሌ ኮምፒዩተር «ሎሎ» ከሚለው አንጎልና «ዊላ» ከሚለው ኤሌክትሪክ ተጣምሮ «ሎሎዊላ» ተብሏል። አዲስ ቃል ለማውጣት መስማማት ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነገር ነው፤ በአደባባይ የሚታይ ክፍተት በኮሚቴ ይሞላል። ለሕፃን የሚነገረው የማባበያ ንግግር ግን ማንም ዝርዝር የማያወጣለት፣ ስለዚህም ለኮሚቴ የማይመች ክፍተት ነው።

ውጤቱ በምን ይመዘናል?

የሃዋይኛ ማንሰራራት በቁጥር ሲታይ ታላቅ ለውጥ አስገኝቷል። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ጥናት መሠረት በሃዋይ ከ18,000 የሚበልጡ ሰዎች ቋንቋውን በቤታቸው እንደሚናገሩ ገልጸዋል። ነገር ግን ይህ ቁጥር ተናጋሪዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት መልስ ነው፤ ምን ያህል እንደሚናገሩና ለማን እንደሚናገሩ አይገልጽም።

ከቁጥሩ ይልቅ ሁለት ነገሮች ብዙ ይናገራሉ። የመጀመሪያው መምህር በሌለበት የሚነገረው ቋንቋ ነው። ልጆች በክፍል ውስጥ ሃዋይኛ፣ በመጫወቻ ሜዳ እርስ በርሳቸው እንግሊዝኛ የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ቋንቋው የትምህርት ቤት ደንብ እንጂ የራሳቸው አልሆነም። ቀልድና ጠብ በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄዱ ማዳመጥ ከማንኛውም ፈተና የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ሁለተኛው በአረጋውያኑና በልጆቹ ንግግር መካከል ያለው ርቀት ነው። ኬአኦ ኔስሚዝ በትምህርት ቤት የተወለደውን ንግግር «አዲስ ሃዋይኛ» ብለው ከአያቶች ሃዋይኛ ለይተው አጥንተውታል። ላያና ዎንግም በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ የትኛው ሃዋይኛ እውነተኛ ነው፣ ይህንንስ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አንሥተዋል። ክርክሩ የቃላት ብቻ አይደለም። በኒኢሃው ቤተሰቦች ዘንድ ቋንቋው ፈጽሞ አልተቋረጠም፤ ድምፀቱም ከመማሪያ መጽሐፉ በአንዳንድ ነገር ይለያል፤ ለምሳሌ ሌሎች «ክ» በሚሉበት ቦታ «ት» ይላሉ። ከዚያ የመጣ ልጅ የቤቱ ንግግር በክፍል ውስጥ እንደ ስሕተት ከታረመበት፣ ቋንቋውን ለማዳን የተቋቋመው ተቋም ያልሞተውን ቅርንጫፍ ቆርጧል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አዲሱን ንግግር ፈጽሞ መናቅ በዚያ ቋንቋ ያደጉትን፣ አሁንም የራሳቸውን ልጆች በእርሱ የሚያሳድጉትን ሰዎች ያስፈራቸዋል፤ የሚያፍር ወላጅም ዝም ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቀው መንገድ ልጆቹን ከመናገር ሳይከለክሉ መምህራኑን ዘወትር ወደ ቅጂው መመለስ ነው። ቅጂው የሚያርመው ልጁን ሳይሆን ልጁ የሚሰማውን ሰው ሲሆን፣ ማንም ሳያፍር ርቀቱ ሊጠብ ይችላል።

ለቋንቋ ቅጂ ሥራ የሚተርፈው ነጥብ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት በአገራችንም ተናጋሪዎቻቸው አረጋውያን ብቻ በሆኑ ቋንቋዎች ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች በቀጥታ ይደርሳል። ዘለዓለም ልየው በ2003 የታተመው ጥናታቸው ላይ እንዳሳዩት ቅማንትነይ ቦታውን ለአማርኛ እየለቀቀ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቋንቋ እየሆነ መጥቷል። እንዲህ ባለ ቋንቋ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሰዋስው ለመጻፍ የሚያስፈልገውን መቅዳት የተለመደ ነው፦ የቃላት ዝርዝር፣ የተተረጎሙ ዓረፍተ ነገሮች፣ ተረትና የሕይወት ታሪክ። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ጎጆ ለመክፈት ለሚነሡ ልጆችና የልጅ ልጆች አይበቁም።

የሃዋይኛው ልምድ በዚህ ዝርዝር ላይ የሚጨምረው አነስተኛ ወጪ ያለው ነገር ነው። አረጋዊቷ ብቻቸውን ከመቅጃው ፊት ከሚቀመጡ ይልቅ፣ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ይሁን። ቋንቋውን የማይችል ሕፃን ቢሆንም ሲያበሉት፣ ሲያለብሱት፣ ሲገሥጹትና ሲያስተኙት የሚሉት ይቀዳ። ሁለት አረጋውያን እኅትማማቾች አብረው ሲሠሩና ሲቃለዱም ይቀዱ፤ ለተመራማሪ የሚናገሩትና እርስ በርሳቸው የሚናገሩት አንድ አይደለምና። ለእያንዳንዱ ቅጂ ማን ለማን፣ ምን እየሠራ እንደተናገረ ይጻፍ፤ ይህ መግለጫ ከሌለ በኋላ የሚመጣው መምህር በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰዓቶች መካከል «ውረድ፤ ትወድቃለህ» የሚለውን ሊያገኘው አይችልም።

በሃዋይ ጎጆው ሲከፈት የዚህ ዓይነት ንግግር ባለቤቶች ገና በሕይወት ነበሩ፤ በአካልም ተገኝተው ጥቂት ዓመታት አሳድገዋል። ከእነርሱ ጋር ያለፈው ንግግር ከቅጂው ተመልሶ ሊወጣ አልቻለም፤ መጀመሪያውኑ አልገባበትምና። ሌሎች ቋንቋዎች ጎጆ የሚከፍቱበት ቀን ገና ሩቅ ሊሆን ይችላል። ለሕፃን የሚነገረውን ንግግር የሚያውቁት አረጋውያን ግን እስከዚያ ቀን አይቆዩም።